20 ብር የሚከፍል አክሲዮን ስንት ያወጣል?

በኮርፖሬት ፋይናንስ ፈተናዎች ላይ ቁጥሩ እየተለወጠ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ይዘቱ እንዲህ ነው፦ «አንድ የሲሚንቶ ኩባንያ በአንድ አክሲዮን 20 ብር የትርፍ ድርሻ ትናንት ከፍሏል። የትርፍ ድርሻው ከእንግዲህ በየዓመቱ በ5 በመቶ ሳያቋርጥ ያድጋል ተብሎ ይጠበቃል። ባለሀብቶች ከእንዲህ ዓይነቱ አክሲዮን በዓመት 12 በመቶ ተመላሽ ይፈልጋሉ። አክሲዮኑ ዛሬ ስንት ሊያወጣ ይገባል?»

ጥያቄው ሦስት ቁጥሮች ብቻ አሉት፤ መልሱም በአንድ መስመር ስሌት ይገኛል። እንዲያም ሆኖ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሲካፈል ወይም ሲባዛ አይደለም። ገንዘቡ መቼ እንደሚገባና የሚጠበቀው እድገት ከየት እንደሚመጣ ሳያስቡ ቀመሩን ከመጠቀም ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ከፈተና ክፍል ውጭም አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያውቃቸው የሚገቡ ናቸው።

ዋጋው ከየት ይመጣል?

ከጥያቄው በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ በሰፊው ያብራራው አሜሪካዊው ጆን በር ዊሊያምስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ፣ የአንድ አክሲዮን እውነተኛ ዋጋ በምን ሊታወቅ እንደሚችል ሲመረምር ቆይቶ በ1938 መጽሐፍ አሳተመ። የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ አክሲዮን ዋጋ የሚኖረው ለባለቤቱ ወደፊት በሚከፍለው ገንዘብ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወደፊት የሚመጡት የትርፍ ድርሻዎች በሙሉ ዛሬ ስንት እንደሚያወጡ ተሰልተው ሲደመሩ የአክሲዮኑን ዋጋ ይሰጣሉ። በኋላ ማይረን ጎርደን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በጻፋቸው ሥራዎች በቋሚ ምጣኔ የሚያድገውን የትርፍ ድርሻ ጉዳይ አስፋፋው። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት «የጎርደን የእድገት ሞዴል» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው።

«ዛሬ ስንት ያወጣል» የሚለው ስሌት አስቸጋሪ አይደለም። ገንዘባችን በዓመት 12 በመቶ ሊያስገኝልን የሚችል ከሆነ፣ ዛሬ በእጃችን ያለው 18 ብር ከ75 ሳንቲም ከዓመት በኋላ 21 ብር ይሆናል። ስለዚህ ከዓመት በኋላ የሚመጣ 21 ብር ዛሬ 18.75 ብር ያወጣል ማለት ነው። ስሌቱ 21ን ለ1.12 ማካፈል ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚመጣ ገንዘብ ለ1.12 ሁለት ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሦስት ጊዜ እናካፍላለን።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ኩባንያ እንመለስ። 20 ብሩ ተከፍሎ አልቋል። የሚቀጥለው ክፍያ 5 በመቶ ጨምሮ 21 ብር ይሆናል፤ ከዚያ 22.05 ብር፣ ከዚያም 23.15 ብር ገደማ እያለ ይቀጥላል። እነዚህ ክፍያዎች ዛሬ የሚያወጡት 18.75 ብር፣ 17.58 ብር፣ 16.48 ብር ነው። ክፍያው በየዓመቱ ቢያድግም የዛሬ ዋጋው እየቀነሰ እንደሚሄድ ልብ ይሏል። ምክንያቱም ክፍያው የሚያድገው በ5 በመቶ ሲሆን፣ የመጠበቁ ዋጋ ግን 12 በመቶ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከፊቱ ካለው 93.75 በመቶ ብቻ ነው።

እየቀነሰ የሚሄድ ተከታታይ ቁጥር መጨረሻ ባይኖረውም ድምሩ ግን የተወሰነ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የጂኦሜትሪክ ተከታታይ ድምር ስሌት እዚህ ይሠራል። ሲደመር የሚመጣው በትክክል 300 ብር ነው። ቀመሩ ይህንን ረጅም ድምር በአንድ መስመር ያሳጥረዋል፦

P0 = D1 / (r − g)

P0 የዛሬ ዋጋ ነው፤ D1 ከዛሬ አንድ ዓመት በኋላ የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ፤ r ባለሀብቶች የሚፈልጉት ተመላሽ፤ g ደግሞ የእድገት ምጣኔው ነው። 21ን ለ0.07 ስናካፍል 300 ብር እናገኛለን።

ይህ 300 ብር ከየት ከየት ዓመት እንደተሰበሰበ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ክፍያዎች ዛሬ የሚያወጡት 143 ብር ገደማ ነው። ቀሪው 157 ብር የሚመጣው ከአሥረኛው ዓመት ወዲያ ካሉት ክፍያዎች ነው። ከዋጋው ከግማሽ በላይ የሆነው ዛሬ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገርለት በማይችል ሩቅ ጊዜ ላይ ተመሥርቷል። ቀመሩ አጭር ስለሆነ ይህ ዓይን ውስጥ አይገባም፤ ግን መዘንጋት የሌለበት ነገር ነው።

«እኔ ዓመት ቆይቼ እሸጠዋለሁ እንጂ ለዘላለም አልይዘውም» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ አይለወጥም። ከዓመት በኋላ የሚገዛው ሰው የሚጠብቀው የመጀመሪያ ክፍያ 22.05 ብር ነው፤ ያም ለ0.07 ሲካፈል 315 ብር ይሆናል። የዛሬው ገዢ በዓመቱ መጨረሻ 21 ብር የትርፍ ድርሻና 315 ብር የሽያጭ ዋጋ፣ በድምሩ 336 ብር ያገኛል። 336 ለ1.12 ሲካፈል ያው 300 ብር ነው። የሚሸጥበትም ዋጋ ራሱ ከዚያ ወዲያ በሚመጡት የትርፍ ድርሻዎች የሚወሰን ነውና።

«ትናንት ከፍሏል» የምትለዋ ቃል

የመጀመሪያው የተለመደ ስሕተት 20ን ለ0.07 አካፍሎ 285.71 ብር ብሎ መጻፍ ነው። 20 ብሩ ግን ለቀድሞው ባለቤት ተከፍሏል። ዛሬ አክሲዮኑን የሚገዛ ሰው ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም፤ የሚጠብቀው የዓመቱን 21 ብር ነው። ፈታኙ «ትናንት ከፍሏል» ወይም «አሁን ከፍሏል» ካለ ቁጥሩ በእድገቱ ተባዝቶ አንድ ዓመት ወደ ፊት መሄድ አለበት። «በሚቀጥለው ዓመት 20 ብር ይከፍላል» ካለ ግን ቁጥሩ እንዳለ ይገባል፤ ያኔ 285.71 ትክክለኛ መልስ ይሆናል።

ይህን ሳይሸመድዱ ለመያዝ የሚረዳ አንድ እውነት አለ። ቀመሩ ዋጋውን የሚነግረን ምንጊዜም ከመጀመሪያው ክፍያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባለው ቀን ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ከበድ ያለውን የጥያቄውን ዓይነትም አይስትም። ያኛው እንዲህ ይመጣል፦ «ኩባንያው ፋብሪካ እየገነባ ስለሆነ ለሦስት ዓመት ምንም አይከፍልም። በአራተኛው ዓመት መጨረሻ 21 ብር ይከፍላል፤ ከዚያ በየዓመቱ በ5 በመቶ ይጨምራል።»

21 ለ0.07 ሲካፈል እዚህም 300 ብር ይመጣል። ይህ 300 ብር ግን የዛሬ ዋጋ አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ በአራተኛው ዓመት መጨረሻ ስለሆነ፣ ቀመሩ የሰጠን በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ የሚኖረውን ዋጋ ነው። ስለዚህ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብን፤ 300ን ለ1.12 ሦስት ጊዜ ስናካፍል 213.53 ብር ይሆናል። ክፍያው በአራተኛው ዓመት ስለሆነ ብለው አራት ጊዜ የሚያካፍሉ ተማሪዎች 190.66 ብር ይጽፋሉ። በአንድ ዓመት ስሕተት ብቻ ከዋጋው 23 ብር ገደማ ጠፋ ማለት ነው። መድኃኒቱ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር አስምሮ ዓመታቱን መደርደርና የመጀመሪያዋ ክፍያ የምትውልበትን ቦታ ምልክት ማድረግ ነው።

በሁለቱ ምጣኔዎች መካከል ያለው ክፍተት

በቀመሩ ውስጥ አካፋይ የሆነው 12 በመቶው ወይም 5 በመቶው ሳይሆን ልዩነታቸው ነው። ልዩነት ደግሞ በትንሹ ሲነካ ብዙ ይለወጣል። እድገቱን ከ5 ወደ 4 በመቶ ብናወርደው ዋጋው 260 ብር ይሆናል። ወደ 6 በመቶ ብናደርሰው 353 ብር ገደማ ይደርሳል። በ10 በመቶ 1,100 ብር፣ በ11 በመቶ 2,220 ብር ነው። ከ10 ወደ 11 በመቶ የተደረገችው የአንድ በመቶ ጭማሪ ዋጋውን ከእጥፍ በላይ አሳደገችው፤ ኩባንያው ግን ያው ነው፤ የሚሸጠውም ያው ሲሚንቶ ነው።

እድገቱ 12 በመቶ ሲደርስ አካፋዩ ዜሮ ይሆናል። 13 በመቶ ካልነው ደግሞ የዋጋው መልስ ከዜሮ በታች ይወጣል፤ ይህ ደግሞ ትርጉም የለውም። የሒሳቡ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ክፍያው ከመጠበቁ ዋጋ እኩል ወይም ፈጥኖ ካደገ የእያንዳንዱ ዓመት የዛሬ ዋጋ መቀነሱ ይቀራል፤ ድምሩም ማብቂያ ያጣል። የኢኮኖሚው ምክንያት ግን ከዚህ የበለጠ መታወቅ አለበት። የአንድ ኩባንያ ክፍያ ከአገሩ ኢኮኖሚ በላይ ለዘላለም ሊያድግ አይችልም፤ እንደዚያ ቢሆን አንድ ቀን ኩባንያው ከአገሩ ሊበልጥ ነው። አንድ ኩባንያ ለአምስት ወይም ለአሥር ዓመት በ20 በመቶ ሊያድግ ይችላል። ያንን 20 በመቶ ግን በ g ቦታ መክተት አይቻልም፤ ምክንያቱም g የሚለው ከእንግዲህ ሁልጊዜ ነው። የፈጣኑ እድገት ዓመታት አንድ በአንድ ይሰላሉ፤ ቀመሩ የሚገባው እድገቱ ከረጋ በኋላ ላለው ጊዜ ነው።

በዋጋ ንረት ጊዜም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለሀብቱ የሚፈልገው 12 በመቶ የዋጋ ንረትን ያካተተ ከሆነ፣ እድገቱም የዋጋ ንረትን ያካተተ መሆን አለበት። አንዱን ከዋጋ ንረት ጋር፣ ሌላውን ከዋጋ ንረት አጥርቶ ማስገባት ክፍተቱን ያዛባል፤ ክፍተቱ ሲዛባ ደግሞ ዋጋው ምን ያህል እንደሚዘል ከላይ አይተናል።

እድገት በነፃ አይገኝም

ከሁሉም የሚከብደው የፈተናው ክፍል ቀጥሎ ይመጣል። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት በአንድ አክሲዮን 35 ብር ያተርፋል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶውን ያከፋፍላል፤ ቀሪውን 40 በመቶ በሥራው ላይ መልሶ ያውለዋል። ይህ ገንዘብ 12.5 በመቶ ተመላሽ ያስገኛል። ዲሬክተሮቹ ክፍፍሉን ወደ 40 በመቶ ቢያወርዱት የአክሲዮኑ ዋጋ ምን ይሆናል?»

እስካሁን ከሰማይ የወረደ ይመስል የነበረው 5 በመቶ ምንጩ እዚህ ይገለጣል። ከ35 ብሩ 60 በመቶው 21 ብር ነው፤ ያው የምናውቀው D1። ቀሪው 14 ብር አዲስ ወፍጮ ወይም አዲስ እቶን ይገዛል። 14 ብር በ12.5 በመቶ 1 ብር ከ75 ሳንቲም ተጨማሪ ትርፍ ያመጣል። 1.75 ደግሞ ለ35 ሲካፈል 5 በመቶ ነው። እድገቱ የመጣው ባለአክሲዮኖች ሳይወስዱት ከቀሩት ገንዘብ ነው ማለት ነው። በአጭሩ እድገት ማለት ሳይከፋፈል የቀረው የትርፍ ክፍል በአዲሱ ሥራ ተመላሽ ሲባዛ ነው፦ 40 በመቶ ሲባዛ በ12.5 በመቶ፣ 5 በመቶ።

አሁን ክፍፍሉ ወደ 40 በመቶ ይውረድ። ሳይከፋፈል የሚቀረው 60 በመቶ ስለሚሆን እድገቱ ወደ 7.5 በመቶ ያድጋል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ተማሪ 21ን ለ0.045 አካፍሎ 466.67 ብር ይጽፍና ዲሬክተሮቹን ያመሰግናል። የትርፍ ድርሻው ግን 21 ብር አይደለም። ከ35 ብር 40 በመቶው 14 ብር ነው። 14 ለ0.045 ሲካፈል 311.11 ብር ይሆናል። ዋጋው የጨመረው 11 ብር ብቻ ነው። እድገቱን ከፍ ያደረገው ውሳኔ ራሱ የትርፍ ድርሻውን ዝቅ አድርጎታል፤ ሁለቱን መለያየት አይቻልም።

ጭማሪው ይህን ያህል ትንሽ የሆነበትን ምክንያት ለማየት ሌላ ስሌት እንጨምር። ኩባንያው ምንም ሳያስቀር ትርፉን በሙሉ ቢያከፋፍልስ? እድገት አይኖርም፤ ዋጋው 35 ለ0.12 ሲካፈል 291.67 ብር ይሆናል። ይህም 40 በመቶ አስቀርቶ በ5 በመቶ ሲያድግ ከነበረው 300 ብር የሚያንሰው በ8 ብር ከ33 ሳንቲም ብቻ ነው። አዲሱ ሥራ የሚያስገኘው 12.5 በመቶ ባለሀብቶቹ ከሚፈልጉት 12 በመቶ የሚበልጠው በጥቂት ነው፤ ስለዚህ እድገቱ የሚጨምረው ዋጋም ጥቂት ነው። አዲሱ ሥራ ልክ 12 በመቶ ብቻ ቢያስገኝ ኖሮ እድገቱ 4.8 በመቶ፣ ዋጋውም 21 ለ0.072፣ ያው 291.67 ብር ይሆን ነበር። ኩባንያው በየዓመቱ እያደገ ባለአክሲዮኑ ግን ከእድገቱ ምንም አላገኘም።

አዲሱ ሥራ 10 በመቶ ብቻ የሚያስገኝ ሲሆን ደግሞ እድገት ዋጋን ይበላል። 40 በመቶ ሲቀር እድገቱ 4 በመቶ፣ ዋጋው 262.50 ብር ነው። 60 በመቶ ሲቀር እድገቱ 6 በመቶ ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ወደ 233 ብር ይወርዳል። ኩባንያው በፈጠነ ቁጥር ባለቤቶቹ ይደኸያሉ። ፋብሪካው እየሰፋ፣ ሠራተኛው እየበዛ፣ ትርፉ በየዓመቱ እየጨመረ ሊታይ ይችላል፤ ለማስፋፊያው የዋለው ገንዘብ ግን በባለአክሲዮኑ እጅ ቢቆይ ሌላ ቦታ 12 በመቶ ያስገኝለት ነበር። በፈተናው ላይ ብዙ ነጥብ የሚሰጠው ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላብራራ ተማሪ ነው፤ መሰጠቱም ተገቢ ነው።

ቀመሩ የማይሠራበት ቦታ

ሞዴሉ የረጋ፣ በየዓመቱ የሚከፍል ኩባንያ ይፈልጋል። የመብራትና የውኃ አገልግሎት ድርጅቶች ወይም ሥራቸው ረጅም ዘመን የቆየ ኩባንያዎች ይስማሙታል። ምንም የማይከፍል ኩባንያ ላይ ግን D1 ዜሮ ስለሆነ ቀመሩ የሚለው ነገር የለውም። የዋረን ቡፌቱ በርክሸር ሃታዌይ በእሱ አመራር ዘመን የትርፍ ድርሻ የከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በ1967 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዓለም ካሉት ትልልቅ ኩባንያዎች አንዱ ሆኗል። የእንዲህ ዓይነቱ ኩባንያ ዋጋ የሚገመተው ከሚያከፋፍለው ሳይሆን ሊያከፋፍለው ከሚችለው ገንዘብ ተነሥቶ ነው። አንዳንድ ዓመት አብዝቶ፣ አንዳንድ ዓመት ሳይከፍል የሚያልፍ ድርጅትም ቋሚ g የለውምና በዚህ ቀመር መመዘን የለበትም።

ዋጋው ታውቆ እድገቱ ሲጠየቅ

በተግባር ቀመሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ሲገለበጥ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ አክሲዮን በየቀኑ የሚለዋወጥ ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል የሚያውቅ አንባቢ በርክቷል። ገበያ ላይ ዋጋው ተጽፎ ይገኛል፤ የማይታወቀው ያ ዋጋ ምን ዓይነት እድገት ታሳቢ እንዳደረገ ነው። አንዳንድ ፈታኞችም የመጨረሻውን ጥያቄ በዚህ መልኩ ያቀርባሉ።

የሲሚንቶው አክሲዮን 420 ብር ይሸጣል እንበል። የተከፈለው የትርፍ ድርሻ 20 ብር፣ የሚፈለገው ተመላሽ 12 በመቶ ነው። 420 በ(0.12 − g) ሲባዛ ከ20 በ(1 + g) ጋር እኩል እንዲሆን እናደርጋለን። ሲስተካከል 440 ጊዜ g እኩል ይሆናል 30.4፤ g ደግሞ 6.9 በመቶ ገደማ ነው። 420 ብር የሚከፍል ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ ይህ ኩባንያ በዓመት ወደ 7 በመቶ በሚጠጋ ፍጥነት ሳያቋርጥ ያድጋል ብሎ ገንዘቡን አስይዟል።

ይህን ቁጥር ከኩባንያው የሒሳብ መግለጫ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ኩባንያው የሚያስቀረው ከትርፉ 40 በመቶ ነው። 6.9 በመቶ ለማደግ አዲሱ ሥራ 17.3 በመቶ ገደማ ማስገኘት አለበት፤ እስካሁን ሲያስገኝ የኖረው ግን 12.5 በመቶ ነው። ስለዚህ ገዢው ሻጩን ወይም ደላላውን የሚጠይቀው አንድ የተወሰነ ጥያቄ በእጁ አለ፦ ከዛሬ ጀምሮ የሚገዙት ማሽኖች ከቀድሞዎቹ ይህን ያህል አብልጠው የሚያተርፉት በምን ምክንያት ነው? አዲስ የድንጋይ ካባ ተገኝቶ፣ የኃይል ወጪ ወርዶ ወይም ተፎካካሪ ከገበያ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ዋጋው ያዋጣ ይሆናል። በቂ ምክንያት ከሌለ ግን በእነዚህ ቁጥሮች መሠረት አክሲዮኑ 300 ብር ያወጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው 120 ብር የሚከፈለው ማንም ላላረጋገጠው እድገት ነው።